ደወሉ ሲጮህ ማን ይቀራል? አካል ጉዳተኞች ላሉበት ሕንፃ የአደጋ ጊዜ መውጫ ዕቅድ አዘገጃጀት

አንድ ስሙን የማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት የእሳት አደጋ ልምምድ ሲያደርግ በታዛቢነት ተጋብዤ ነበር። ሕንፃው ባለ ሰባት ፎቅ ነው። ደወሉ በጮኸ በስድስተኛው ደቂቃ የአስተዳደር ኃላፊው ሰዓቱን አይቶ «ሁሉም ወጥቷል» ብሎ ፈረመ። እኔ ግን ወደ ላይ ወጣሁ። አምስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ በር ላይ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ የሂሳብ ባለሙያ ተቀምጣ አገኘኋት። «ሰው ይላክልሻል፣ እዚሁ ጠብቂ ብለውኝ ነው» አለችኝ። የሚላከው ሰው ማን እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ በዕቅዱም ላይ አልተጻፈም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ መስማት የተሳነው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ፋይል ያገላብጥ ነበር። ልምምድ መኖሩን ያወቀው እኔን ሲያይ ነው።

የሁለቱም ስም በዕቅዱ ውስጥ አለ። «ልዩ ድጋፍ የሚሹ ሠራተኞች በረዳቶቻቸው አማካይነት ይወጣሉ» ይላል። እንዲህ ያለ አንቀጽ በእጃችሁ ካለ ዕቅድ የላችሁም ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል እንደዚህ ላለ የቢሮ ሕንፃ የተዘጋጀ ነው። ሰው የሚያድርበት ሆቴል ወይም ሆስፒታል ተጨማሪ ሥራ ይጠይቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት የሕንፃውን የወለል ንድፍ፣ ሜትር፣ የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓትና የተቆለፉ በሮችን ሁሉ የሚያስከፍት የኃላፊ ደብዳቤ ያዙ። የመጨረሻውን አትናቁት፤ ያለ እሱ ግማሽ ቀን ቁልፍ የያዘውን ሰው በመፈለግ ያልቃል።

1. ሰዎቹን ለዩ፣ በገመታ ግን አይደለም

ከሰው ኃብት ክፍል የአካል ጉዳተኞችን ዝርዝር ወስዳችሁ አትጀምሩ። ዝርዝሩ አስምና የልብ ሕመም ያለባቸውን፣ ነፍሰ ጡሮችንና ባለፈው ሳምንት እግሩ የተሰበረውን ሰው አይዝም። ለሠራተኛው ሁሉ ሁለት ጥያቄ ብቻ ያለው ወረቀት በትኑ፦

- ሊፍት ሳትጠቀሙ፣ ማንም ሳይረዳችሁ፣ ሳታርፉ ከፎቃችሁ እስከ መሬት መውረድ ያስቸግራችኋል?
- ደወሉን ከምትገኙበት ቦታ ሁሉ፣ ከመጸዳጃ ቤትም ጭምር፣ ትሰማላችሁ ወይም ታያላችሁ?

የሕመሙን ስም አትጠይቁ፤ ለዕቅዱ አይጠቅምም፣ ሰውም እውነቱን እንዲደብቅ ያደርጋል። መልሱን የሚያየው ዕቅዱን የሚያዘጋጀው ሰውና የየፎቁ ኃላፊ ብቻ ይሁን። ስም ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፈ መሥሪያ ቤት አይቻለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ወረቀቱን የሞላ ሰው አልነበረም።

እንግዶችን ደግሞ በር ላይ ያዙ። የጥበቃ ሠራተኛው መታወቂያ ሲመዘግብ «ሊፍት ቢቆም በደረጃ ለመውረድ እርዳታ ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቅ፤ አዎ ካሉት የሚሄዱበትን ፎቅ ይመዝግብ።

2. ደረጃውን በእግራችሁ መርምሩ

ከላይኛው ፎቅ ጀምራችሁ ውረዱ። የተቆለፈ የመውጫ በር፣ ማረፊያው ላይ የተከመረ የወረቀት ካርቶንና አሮጌ ወንበር፣ የተሰበረ መደገፊያ ካገኛችሁ መዝግቡ። የእርከኑን ብዛት ቁጠሩ፣ የደረጃውንና የማረፊያውን ስፋት ለኩ። ከመሬት ወለሉ በር እስከ መሰብሰቢያው ቦታ ያለውንም ሂዱበት። ሰው ከአምስተኛ ፎቅ ካወረዳችሁ በኋላ በር ላይ ያለ ሁለት እርከን ወይም የተነቀለ ኮብልስቶን ሊያቆማችሁ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ ደረጃው በግድግዳና በበር ተከልሏል ወይስ ክፍት ነው?

ከውጭ አገር የተቀዱ ብዙ መመሪያዎች ደረጃ መውረድ የማይችል ሰው «በመጠለያ ቦታ» ሆኖ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ይጠብቅ ይላሉ። እነዚያ መመሪያዎች የተጻፉት ደረጃው እሳት በሚቋቋም ግድግዳና ራሱን በሚዘጋ በር ተከልሎ፣ ማረፊያው ላይ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ቦታና ከታች ጋር መነጋገሪያ ላለው ሕንፃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ደረጃው ሊፍቱን ከብቦ ወይም ከኮሪደሩ ጋር ያለ በር ተያይዞ የሚወጣባቸው ሕንፃዎች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ደረጃ እሳት ሲነሳ ጭስ ማውጫ ይሆናል። እዚያ ቆሞ መጠበቅ ጭሱ ወደሚመጣበት አፍ ላይ መቆም ነው።

እንዲህ አረጋግጡ፦ በሩ ተከፍቶ ሲለቀቅ ራሱ ይዘጋል? መስተዋት ካለው መስተዋቱ ተራ ነው ወይስ እሳት የሚቋቋም? ከኮርኒሱ በላይ ያለው ግድግዳ እስከ ኮንክሪቱ ይደርሳል ወይስ ክፍተት አለው? ኮርኒሱን አንድ ቦታ ላይ ገልጣችሁ በባትሪ እዩ። ኬብል የገባባቸው ቀዳዳዎች ሳይደፈኑ ከቀሩ በሩ ብቻውን ጭስ አያቆምም።

ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ «መጠለያ» የሚለውን ቃል ከዕቅዳችሁ ሰርዙ። በእናንተ ሕንፃ ውስጥ ያለው ምርጫ ወዲያው መውረድ ነው። ሕንፃው ረጅም ሆኖ ኮሪደሩን ለሁለት የሚከፍል እሳት የሚቋቋም በር ካለው ግን አስቀድሞ በአግድም ወደ ሌላው ክንፍና ወደ ሌላው ደረጃ መሻገር ይቀድማል።

3. ከሰውየው ጋር ተቀምጣችሁ አንድ ገጽ ጻፉ

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ይበቃል። የሚጻፈው ግን ከእሱ ጋር፣ በሚሠራበት ፎቅ፣ ደረጃው አጠገብ ተቁሞ ነው። ቅድም ያነሳኋት የሂሳብ ባለሙያ ገጽ በኋላ ሲዘጋጅ የያዘው ይህን ነበር፦

- የት ትገኛለች፦ አምስተኛ ፎቅ፣ በስተምሥራቅ ያለው ቢሮ። ከ6 እስከ 7 ሰዓት ምድር ላይ ባለው ካፍቴሪያ። ማክሰኞ ጠዋት ሰባተኛ ፎቅ ስብሰባ።
- ምን ትችላለች፦ ከወንበር ወደ ወንበር በአንድ ሰው ድጋፍ ትዛወራለች። እግሯ ክብደት አይሸከምም። ወገቧን ያለ መደገፊያ ቀጥ አድርጋ መቀመጥ አትችልም።
- እንዴት ትነሳለች፦ በብብቷ ሥር አይደለም፤ ትከሻዋ አንድ ጊዜ ወልቆ ያውቃል። ከኋላ ሆኖ ደረቷን አቅፎ፣ ሁለተኛው ሰው ከጉልበቷ ሥር።
- በምን ትወርዳለች፦ በመውረጃ ወንበር፣ በምሥራቁ ደረጃ።
- ማን ያወርዳል፦ ሁለት ረዳቶች፣ ሁለት ተጠባባቂዎች፣ አራቱም እዚያው ፎቅ የሚሠሩ።
- የራሷ ተሽከርካሪ ወንበር፦ ፎቁ ላይ ይቀራል። መሬት ላይ የምትቀመጥበት ትርፍ ወንበር ጥበቃ ክፍል አለ።

ትከሻዋ ወልቆ እንደሚያውቅ ሰው ኃብት ክፍል አያውቅም፤ ረዳቶቿም አያውቁም ነበር። «እናነሳታለን» ብለው ብቻ ነበር የተስማሙት። ሰውየውን ራሱን ካልጠየቃችሁ የምታድኑት መስሏችሁ ትሰብሩታላችሁ።

የረዳት ምርጫ ላይ ሁለት ስህተት ተደጋግሞ ይታያል። አንደኛው አንድ ረዳት ብቻ መመደብ ነው። ያ ሰው እረፍት ወጥቶ፣ መስክ ሄዶ ወይም ምሳ ላይ ሆኖ ቢገኝስ? ሁለተኛው ረዳቱን ከሌላ ፎቅ መመደብ ነው። ሕዝብ በሚወርድበት ደረጃ ላይ ማንም ወደ ላይ መውጣት አይችልም፣ መሞከርም የለበትም።

4. የመውረጃ ወንበሩን ምረጡ፣ ስቀሉ፣ ተለማመዱ

የመውረጃ ወንበር ከኋላው የጎማ ቀበቶ ያለው ታጣፊ ወንበር ነው። ደረጃ ላይ ሲጋደም ቀበቶዎቹ የእርከኖቹን ጠርዝ ይዘው፣ በተቀመጠው ሰው ክብደት ልክ እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። አውራጁ ከኋላ፣ ማለትም ከላይ በኩል፣ እጀታውን ይይዛል። የሚሸከመው ነገር የለም፤ ሥራው መምራትና ፍሬን መቆጣጠር ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ በእናንተ ደረጃ ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ጠመዝማዛና አንድ ወገኑ የጠበበ እርከን ላይ አይሠራም። በተወለወለ እብነ በረድ ላይ፣ በተለይ የጽዳት ውኃ ካልደረቀ፣ ቀበቶው ሊንሸራተት ይችላል። ማረፊያው ላይ ወንበሩ መዞር መቻሉን ለኩ። የሚሸከመው ክብደት በወንበሩ ላይ ተጽፏል፤ ከሚወርደው ሰው ክብደት ጋር አነጻጽሩ።

ከዚያ ሰውየው በሚሠራበት ፎቅ፣ በሚወርድበት ደረጃ አናት ላይ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። መጋዘን ውስጥ አታስቀምጡት፣ አትቆልፉበትም። በሁለተኛው ልምምድ ከአምስተኛ ፎቅ እስከ መሬት ሰባት ደቂቃ ፈጅቶብን ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ሦስቱ ደቂቃ የንብረት ክፍሉ ቁልፍ ሲፈለግ የሄደ ነው። ወንበሩ ደረጃው አናት ላይ ከተሰቀለ በኋላ አራት ደቂቃ ሆነ።

የአወራረዱ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1. ወንበሩን ዘርጉ፣ መቆለፊያው «ቀጭ» ማለቱን አረጋግጡ።
2. የሰውየውን ተሽከርካሪ ወንበር ጎን ለጎን አቅርባችሁ ሁለቱንም ፍሬን ያዙ።
3. በገጹ ላይ በተጻፈው መንገድ አዛውሩ። «በሦስት» ብሎ የሚቆጥረው ተነሺው ራሱ ይሁን።
4. የደረትና የእግር ቀበቶውን እሰሩ፣ የራስ ማሰሪያ ካለውም እንዲሁ። እጁ ወደ ውጭ እንዳይንጠለጠል ደረቱ ላይ ይሰብስብ። ደረጃ ላይ ሰው በደመ ነፍስ መደገፊያውን ይይዛል፤ ያኔ ወንበሩ ይዞራል።
5. አንዱ ረዳት ከፊት ቀድሞ መንገድ ያስለቅቅ። ሌላው ከኋላ ሆኖ ወንበሩን ወደ ራሱ አጋድሞ ቀበቶዎቹ ሁለት እርከን ሲነኩ ቀስ ብሎ ይልቀቅ።
6. ማረፊያ ላይ ወንበሩን አቅንታችሁ በጎማው አዙሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ የመጀመሪያውን ልምምድ አካል ጉዳተኛ ባልሆነ ፈቃደኛ አድርጉ። ረዳቶቹ እጃቸው ሳይላመድ የሂሳብ ባለሙያዋን አስቀምጣችሁ አትማሩባት። በባትሪ የሚሄድ ተሽከርካሪ ወንበርን ደግሞ ሰው ተቀምጦበት ደረጃ ላይ ለማውረድ በጭራሽ አትሞክሩ፤ ብዙዎቹ ወንበሩ ብቻውን ከመቶ ኪሎ በላይ ይመዝናል።

«ወንበር ውድ ነው፣ ተሸክመን እናወርዳለን» የሚል ኃላፊ ካጋጠማችሁ ክርክሩን ወደ ደረጃው አምጡት። አንድ ሰባ ኪሎ የሚመዝን ፈቃደኛ በሸክም ከአምስተኛ ፎቅ ያውርዱ። አብዛኛው ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ1993 በኒውዮርክ የዓለም የንግድ ማዕከል ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ ለሕንፃው እንዲህ ያሉ ወንበሮች ተገዝተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ከ69ኛ ፎቅ እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ የማይችል አንድ ሠራተኛ በአንዱ ወንበር ወርዶ ተርፏል፤ ያወረዱትም አስር ባልደረቦቹ እየተፈራረቁ ነው። ተጠባባቂ አስመዝግቡ የምለው ለዚህ ነው።

5. ለማይሰሙ፦ ደወሉን ወደ ብርሃን ቀይሩ፣ መጸዳጃ ቤቱን አትርሱ

መስማት የተሳነው ሰው ደረጃ ለመውረድ ማንንም አይፈልግም። የሚጎድለው መረጃው ብቻ ነው። ብልጭ የሚል መብራት ከደወሉ ጋር አገናኙ፤ ቢሮው፣ ኮሪደሩ፣ የስብሰባ ክፍሉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ይኑር። ሰው ብቻውን የሚሆነው እዚያ ነው፤ ባልደረባ ትከሻውን መታ ሊያደርገው አይችልም።

መብራቱ በሴኮንድ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብልጭ የሚል ይሁን። በአንድ እይታ ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ካሉ በአንድነት የሚበሩና የሚጠፉ መሆን አለባቸው። እየተቀዳደሙ ከበሩ ፍጥነቱ ይደራረብና የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥሉት ይችላሉ። የራሳቸው ባትሪ እንዳላቸውም አረጋግጡ፦ የወለሉን ቆጣሪ አጥፍታችሁ ደወሉን አስነሱ። መብራት ከሚያጠፉ ነገሮች አንዱ የኤሌክትሪክ እሳት ነው።

መብራቱ እስኪገዛ ድረስ ሁለት ባልደረባ መድቡ፤ አንዱ ቢሮውን፣ አንዱ መጸዳጃ ቤቱን ያይ። የክፍሉን አምፖል ማጥፋትና ማብራት በቂ ምልክት ነው፤ ትርጉሙ ግን አስቀድሞ ከሰውየው ጋር ይስማማ። ረዳቶቹ በምልክት ቋንቋ «እሳት»፣ «ውጣ»፣ «በዚህ አይደለም፣ በዚያ» የሚሉትን ከራሱ ይማሩ። ሦስተኛው በጣም ይረሳል። መንገድ ሲዘጋ በጩኸት የሚነገረውን አዲስ አቅጣጫ እሱ አይሰማም። በአጭር የስልክ መልእክት ብቻ አትታመኑ፤ ሕዝብ ሁሉ ስልክ በሚደውልበት ሰዓት መልእክቱ ዘግይቶ ይደርሳል።

6. ለማያዩ፦ መንገዱን አስቀድመው ይወቁት

ዓይነ ስውር ባልደረባችሁ በየቀኑ የሚሄድበትን መንገድ ከእናንተ በተሻለ ያውቃል። የሚያስቸግረው የሚሄድበት መንገድ የሊፍቱ መንገድ መሆኑ ነው። ሁለቱንም ደረጃ ቢያንስ ሦስት ጊዜ አብራችሁ ውረዱ፤ እርከኑን ይቁጠር፣ መደገፊያው የት እንደሚያልቅ ይዳስስ። የፎቅ ቁጥሩን በብሬል ወይም በጎላ ቅርጽ መደገፊያው ላይ አድርጉ።

በአደጋ ጊዜ አትጎትቱት፣ ከኋላም አትግፉት። ክርናችሁን አቅርቡለት፣ እሱ ይያዝ፣ ግማሽ እርምጃ ቀድማችሁ ሂዱ። «ደረጃ ወደ ታች፣ መደገፊያው በቀኝህ» በሉት፤ የመጨረሻው እርከን ላይ «አለቀ» በሉት። መሰብሰቢያው ስትደርሱ ማን አጠገቡ እንዳለ ሳትነግሩት ትታችሁት አትሂዱ።

7. የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ላለባቸው፦ አንድ ሰው፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ቃል

እዚህ ላይ ድንገተኛ ልምምድ ስህተት ነው። ደወሉን አስቀድማችሁ በተቀዳ ድምፅ፣ ዝቅ አድርጋችሁ አሰሙ፤ በየቀኑ ጨምሩ። የመውጫውን መንገድ ከጠረጴዛው እስከ መሰብሰቢያው ድረስ በአራት ወይም በአምስት ፎቶግራፍ አሳዩ፤ ፎቶው የራሱ ሕንፃ ይሁን። ረዳቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይጠቀሙ፦ «ደወል ነው፣ ከእኔ ጋር ና።» ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ትእዛዝ ሲጮህበት ሰውየው ይቆማል ወይም ይደበቃል። ድምፅ የሚያስጨንቀው ከሆነ ጆሮ መከለያ ጠረጴዛው ላይ ይኑር። ቦርሳውን ሊያመጣ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነም አትከራከሩት፤ ቦርሳው ሁልጊዜ በመውጫው መንገድ ላይ እንዲሰቀል አድርጉ።

8. ልምምዱን በማይመች ሰዓት አድርጉ

የመጀመሪያው ተነግሮ፣ በዝግታ ይሁን። ሁለተኛውን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ግማሹ ሰው ምሳ ላይ እያለ አድርጉት፤ ተጠባባቂዎቹ መኖራቸው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። በሦስተኛው አንዱን ደረጃ «ጭስ አለ» በሚል ወረቀት ዝጉ። ድንገተኛ ያደረጋችሁትን ልምምድ ቢሆን እንኳ በሰባተኛው ክፍል ለተጠቀሱት ሰዎች አስቀድማችሁ ንገሩ። ሰዓት ስትይዙ ሕንፃው ባዶ የሆነበትን ሳይሆን የመጨረሻው ሰው መሰብሰቢያው የደረሰበትን መዝግቡ።

9. አንድ ነገር ሲበላሽ

*ረዳቱ ከሌለ፦* የፎቁ ኃላፊ ገጹን ከመውረጃ ወንበሩ ጀርባ ካለው ኪስ አውጥቶ ለተጠባባቂው ይስጥ። የገጹ ቅጂ እዚያ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ስሙን ሸፍኑት፣ አነሳሱን ግን አትሸፍኑ።

*ወንበሩ ከተበላሸ፦* ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዘው መቀመጫ ይሥሩ፣ በየፎቁ ይቀያየሩ። ወገቡን ቀጥ ማድረግ ለማይችል ሰው ግን ይህ አይሆንም። ጠንካራ ብርድ ልብስ ላይ አስተኝታችሁ አራት ሆናችሁ አውርዱ፤ ጭንቅላቱ በላይ በኩል ይሁን።

*ደረጃው በጭስ ከተዘጋ፦* ወደ ላይ አትውጡ። ከእሳቱ የራቀና ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት ያለው ክፍል ግቡ፣ በሩን ዝጉ፣ የሥሩን ክፍተት እርጥብ ጨርቅ ወትፉበት። አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውላችሁ ፎቁን፣ የክፍሉን ቁጥር፣ የሰዉን ብዛትና ደረጃ መውረድ የማይችል ሰው መኖሩን ተናገሩ። መስኮቱ ላይ ጎልቶ የሚታይ ጨርቅ ስቀሉ። መስኮቱን አትስበሩ፤ ጭስ ከውጭ በኩል ቢገባ መልሳችሁ መዝጋት አትችሉም።

*ቆጠራው ካልሞላ፦* የጎደለውን ሰው ፎቅና የሚገኝበትን ክፍል በወረቀት ጽፋችሁ መጀመሪያ ለደረሰው የእሳት አደጋ ኃላፊ በእጁ ስጡት። ማንም ተመልሶ አይግባ፤ የሰውየው ረዳትም ቢሆን። ወረቀቱን የሚሰጠው ሰው ማን እንደሆነ ዛሬ ወስኑ፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ሁሉም ሌላው የሰጠ ይመስለዋል።